በስላክ ወርክስፔስ የቆዩ መልእክቶችን ማን ያያል? የማቆያ ጊዜስ እንዴት ይወሰናል?

ቡድኖች የሥራ መልእክት መለዋወጫ የሆነውን ስላክን ሲጀምሩ አብዛኛውን ጊዜ የቴሌግራም ግሩፕ ልማዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በቴሌግራም የግሩፑ አስተዳዳሪ አዲስ አባል የቀደመውን ውይይት እንዳያይ መከልከል ይችላል። በስላክ ቻናል ግን እንዲህ ያለ ማብሪያና ማጥፊያ የለም። ሰው ወደ ቻናል በገባ ቅጽበት ቻናሉ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የተጻፈውንና ያልተሰረዘውን ሁሉ ወደ ላይ እየሄደ ማንበብ ይችላል። ቻናሉ የግል መሆኑም ይህን አይለውጠውም፤ የግል ቻናል ያልተጋበዘ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ የተጋበዘው ሰው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚያነብ አይገድብም።

ከዚህ በታች የምገልጸው ክፍያ በሚከፈልበት የስላክ ዕቅድ ላይ ለሚሠራ፣ ወርክስፔሱን እንዲያስተዳድር ለተመደበ ሰው ነው። በነጻው ዕቅድ ነገሩ በአብዛኛው በኩባንያው የተወሰነ ነው፤ ከ90 ቀን በላይ የቆየ መልእክት ከዕይታ ይሰወራል፤ ከነሐሴ 2016 ወዲህ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው ጨርሶ ይሰረዛል። በ90 ቀንና በአንድ ዓመት መካከል ያለው መልእክት ተሰውሮ እንጂ ጠፍቶ ስላልሆነ፣ ቡድኑ ወደ ክፍያ ዕቅድ ሲሸጋገር ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ በነጻው ዕቅድ ላይ ሆኖ «መልእክቱን ማግኘት ስላልቻልን ጠፍቷል» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ምን እንደሚያይ ይለዩ

የአደባባይ ቻናልን የወርክስፔሱ መደበኛ አባል በሙሉ፣ ቻናሉን ባይቀላቀልም እንኳ፣ ከፍቶ ማንበብና በፍለጋ ማግኘት ይችላል። በእንግዳነት የተመዘገበ ሰው ግን የሚያየው የተጨመረባቸውን ቻናሎች ብቻ ነው፤ በእነዚያ ውስጥ ያለውን የቆየ ውይይት ግን እንደማንኛውም አባል ሙሉውን ያያል። የግል ቻናል የሚታየው ለአባላቱ ብቻ ነው። የወርክስፔሱ ባለቤት እንኳ ካልተጋበዘ በቀር ከፍቶ አያነበውም። ይሁን እንጂ በከፍተኛዎቹ ዕቅዶች ባለቤቶች ለስላክ አመልክተው ከተፈቀደላቸው የግል ቻናሎችንና ዲኤሞችን፣ ማለትም ከቻናል ውጭ ሰዎች በቀጥታ የሚጻጻፏቸውን መልእክቶች፣ ጭምር ወደ ውጭ ማውጣት ስለሚችሉ፣ ሠራተኞች «ዲኤም ማንም አያየውም» ብለው እንዳያምኑ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ሁለት ሰዎች በዲኤም የተጻጻፉት ለሁለቱ ብቻ ይቀራል፤ የጋራ ዲኤም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰው ይይዛል። ወደ ጋራ ዲኤም ሰው ሲጨመር የቀደመው ውይይት አብሮ ይታይ እንደሆነ የሚጠይቅ ምርጫ ስለሚመጣ፣ ያንን ሳያነቡ «Done» ማለት አይገባም። የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው የጋራ ዲኤምን ወደ የግል ቻናል መለወጥ ነው። ከተለወጠ በኋላ የቀደመው ወሬ ሁሉ የቻናሉ ታሪክ ይሆናል፤ ወደፊት የሚጋበዝ ሰው ሁሉ ያነበዋል። አራት ሰዎች በመካከላቸው ስለ አንድ ሠራተኛ አፈጻጸም የተነጋገሩበት ዲኤም ወደ ቻናል ተለውጦ፣ ከወራት በኋላ ያው ሠራተኛ ወደዚያው ቻናል ሲጋበዝ የሚፈጠረውን ማሰብ ከባድ አይደለም።

ሰው ከመጨመርዎ በፊት

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል የደመወዝ ጥያቄዎችን፣ የአቅራቢ ክፍያዎችንና የዓመቱን ሒሳብ መዝጊያ ሁሉ በአንድ የግል ቻናል ውስጥ ይነጋገራል እንበል። የውጭ ኦዲተር ሲመጣ፣ ስለ አቅራቢ ክፍያዎች ብቻ እንዲጠይቅ ተብሎ በእንግዳነት ወደዚህ ቻናል ይጨመራል። ኦዲተሩ በዚያው ቅጽበት የእያንዳንዱን ሠራተኛ የደመወዝ ቅሬታና የብድር ጥያቄ ማንበብ ይችላል። በኋላ ከቻናሉ ማስወጣት ያነበበውን አያስረሳውም፤ የማቆያ ጊዜ ማሳጠርም ዘግይቶ የሚመጣ መፍትሔ ነው።

ትክክለኛው መንገድ አዲስ ቻናል ከፍቶ ኦዲተሩን በዚያ ብቻ መጨመር፣ ከአሮጌው የሚያስፈልጉትን መልእክቶች ወይም ፋይሎች ደግሞ አንድ በአንድ እየመረጡ ወደ አዲሱ ማምጣት ነው። ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን በስላክ ቻናል ውስጥ ታሪክን ከአዲስ ገቢ የሚለይ ሌላ አስተማማኝ መንገድ አላገኘሁም። እንደ እኔ ከሆነ የደመወዝ ጉዳይ ከመጀመሪያውም የራሱ ቻናል ሊኖረው ይገባል።

የማቆያ ጊዜውን መወሰን

ይህን ማድረግ የሚችለው በስላክ አጠራር Workspace Owner የሆነ ሰው ነው። ተራ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ምርጫውን ፈልጎ ቢያጣው ገጹ ተበላሽቶ ሳይሆን ሥልጣኑ ስለማይፈቅድለት ነው። ባለቤቱ በኮምፒውተር የወርክስፔሱን ስም ተጭኖ ወደ Workspace settings ይገባና የመልእክት ማቆያውን ክፍል ይከፍታል። ነባሪው ምርጫ ሁሉንም መልእክት ለዘለዓለም ማቆየት ነው። ሌላው ምርጫ በተወሰነ የቀን ቁጥር መሰረዝ ሲሆን፣ ቁጥሩን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት።

ቁጥሩ ላይ ነው ብዙዎች የሚቸኩሉት። «አንድ ዓመት ይበቃል» ብሎ 365 መጻፍ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን ቀኑ የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ መልእክት የተላከበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ አይደለም። ከላይ ያለው ድርጅት የሒሳብ ዓመቱን ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ይዞ፣ ኦዲተሩ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ላይ ጥያቄ አቀረበ እንበል። ማቆያው 365 ቀን ከሆነ በዚያ ዕለት የሚገኘው ከጥቅምት 30 ቀን 2017 ወዲህ የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ዓመቱ የመጀመሪያ አራት ወራት ንግግር፣ ማለትም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው፣ ኦዲቱ ሳይጠናቀቅ ተሰርዟል። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ያሉት ቀናት 489 ናቸው፤ ኦዲቱ ሁለት ወር ቢዘገይ እንኳ እንዲደርስ 550 ቀን ማድረግ ይበጃል። ደረሰኝና ውል ግን ከነጭራሹ በስላክ ላይ ተማምነው የሚያስቀምጧቸው ነገሮች አይደሉም፤ በሕግ የሚቆዩበት ጊዜ ከዚህ ይረዝማል፤ ቦታቸውም የሰነድ መዝገብ ነው።

በሌላ በኩል፣ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» እያሉ ሁሉንም ለዘለዓለም ማቆየትም መልካም ምርጫ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይጠይቃል። የሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ማስረጃ ከሦስት ዓመት በኋላ በቻናል ውስጥ የሚቆይበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ እንምጣ። አዲሱን ቁጥር ጽፈው ሲያስቀምጡ ደንቡ ወደፊት በሚጻፉት ላይ ብቻ አይሠራም፤ ከዚያ በፊት የተጻፉትንም ይይዛል። ስረዛው በየሌሊቱ ስለሚካሄድ ከቁጥሩ በላይ የቆየው ሁሉ በመጀመሪያው ሌሊት ሊጠፋ ይችላል፤ የተሰረዘውም በስላክ በኩል አይመለስም። ቁጥሩን በማግስቱ መልሰው ቢያስረዝሙት እንኳ የሄደው ሄዷል።

ስለዚህ ከማስቀመጥዎ በፊት ምን እንደሚጠፋ በዓይንዎ ይዩ። ቁጥሩን የሚያስገቡት ጥቅምት 30 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 9 ቀን 2025 ከሆነ፣ ከ550 ቀን በፊት ያለው ዕለት ሜይ 8 ቀን 2024 ነው። ስላክ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ስለሆነ በፍለጋው ሳጥን እንዲህ ይጻፉ፤ የቻናሉን ስም በራስዎ ይተኩ፦

```
in:#finance before:2024-05-08
```

የሚወጣው ዝርዝር የሚሰረዘው ነው። ፍለጋው እርስዎ በማይገኙበት የግል ቻናል ውስጥ ያለውን ስለማያሳይ፣ የየቻናሉ ኃላፊዎች በየራሳቸው ቻናል ይህንኑ እንዲያደርጉ ጊዜ ይስጧቸው።

ሊቀመጥ የሚገባው ነገር ከተገኘ መልእክቶቹን ወደ ውጭ ያውጡ። በመደበኛው አሠራር የሚወጣው የአደባባይ ቻናሎች መልእክት ሲሆን፣ የሚደርስዎ የታመቀ ዚፕ ፋይል በውስጡ ጄሶን ፋይሎችን ይዟል። እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታይ ጉድጓድ አለ። በወጣው ጥቅል ውስጥ ያለው የፋይሎቹ ማስፈንጠሪያ እንጂ ፋይሎቹ ራሳቸው አይደሉም። በኋላ የፋይሎች ማቆያ ሲያልቅና ፋይሎቹ ሲሰረዙ ማስፈንጠሪያዎቹ ባዶ ይሆናሉ። አስፈላጊ ፒዲኤፎችንና ኤክሴሎችን ለየብቻ ማውረድ ያስፈልጋል።

የፋይልና የየቻናሉ ማቆያ

የፋይሎች ማቆያ ከመልእክቶች ማቆያ የተለየ ምርጫ ነው። መልእክቱ በ550 ቀን ቢሰረዝም ፋይሉ ለዘለዓለም እንዲቆይ ከተተወ፣ በመልእክቱ ላይ ተያይዞ የነበረው የደመወዝ ሰንጠረዥ አሁንም በፍለጋ ይገኛል። ስረዛው ሠርቷል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጡት በዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መወሰን ይሻላል።

በዚያው ገጽ አባላት ለየቻናላቸው የተለየ ጊዜ እንዲወስኑ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። እኔ ለአባላት ሁሉ እንዲከፈት አልመክርም፤ አንድ ሰው የራሱን ቻናል በአንድ ቀን እንዲሰረዝ ሲያደርገው ሌሎቹ አባላት ምክንያቱን ሳያውቁ ያጡታል። ከዚህ ይልቅ ባለቤቱ ራሱ የተለየ ጊዜ የሚያስፈልገውን ቻናል ከፍቶ፣ ከላይ ስሙን ተጭኖ፣ በቅንብሩ ክፍል Edit message retention በሚለው በኩል ይወስንለት። በእኛ ምሳሌ የደመወዝ ቻናሉ 90 ቀን፣ የቀረው ወርክስፔስ 550 ቀን ይሆናል።

ለውጡን ከማስቀመጥዎ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው የሚጠፋውንና ቀኑን ገልጸው ለሁሉም ያስታውቁ። በማግስቱ ያንኑ ፍለጋ ይድገሙት። መልእክቶች ካልወጡ ስረዛው ሠርቷል፤ ፋይሎች አሁንም ከወጡ የፋይሎቹን ማቆያ ተመልሰው ይመልከቱ።