ጀርመን ቤታቸው ላሳረፏችሁ ሰዎች የስንብት መልእክት እንዴት ይጻፋል

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ለስልጠና ጀርመን ሄዳ ሁለት ወር ቆይታ መጣች። ያረፈችው ሆቴል ሳይሆን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤት ነው፣ ስማቸውን እዚህ ሄልጋና ዮርግ ልበላቸው፣ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ድሬ በገባች በሦስተኛው ቀን ከዚራ እኛ በር ላይ ዛፉ ስር ቁጭ ብለን "አቦ እስቲ ይቺን እይልኝ፣ ልልክላቸው ነው" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

"የተከበራችሁ ሄልጋና ዮርግ፣ ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስላስቸገርኳችሁ በጣም ይቅርታ አድርጉልኝ። ውለታችሁን በምን እከፍላለሁ። መቼም አልረሳችሁም፣ ሁሌም እደውላለሁ። ድሬዳዋ ቤታችሁ ነው፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ኑ።"

ለአክስቴ ቢሆን ያስለቅሳት ነበር፣ በኛ ቋንቋ ምንም አይወጣለትም። ግን እኔ ከጀርመኖች ጋር አምስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ እና እዚች አጭር መልእክት ውስጥ ቢያንስ አራት ቦታ ሌላ ነገር ብለው እንደሚረዱት ስላወቅኩ "ቆይ አትላኪው" አልኳት። እንዴት እንዳስተካከልነው በተራ ልንገራችሁ።

1. ረጅሙን ከመጻፋችሁ በፊት አጭሯን ላኩ

እሷ ሦስት ቀን ሙሉ "ጥሩ አድርጌ እጽፋለሁ" ብላ ዝም ብላ ነበር። ኤርፖርት ድረስ በመኪና የሸኟት ሰዎች ግን መድረሷን እንኳን አያውቁም። አዲስ አበባ እንዳረፋችሁ፣ የድሬውን በረራ ስትጠብቁ፣ "በሰላም ገብቻለሁ፣ ሻንጣዬም መጥቷል፣ ቤት ስደርስ በደንብ እጽፍላችኋለሁ" በሉ፣ በቃ። ረጅሙ ከዛ በሳምንት ውስጥ ቢደርስ ማንም አይቀየምም። ወር ካለፈው ግን መልእክቱ ራሱ በይቅርታ መጀመር አለበት፣ ያኔ ስንብትነቱ ይጠፋል።

2. እነሱ ያነሱትን አንቱታ እናንተ አትመልሱት

ጀርመንኛም እንደ አማርኛ አንተና አንቱ አለው፣ "ዱ" እና "ዚ" ይሉታል። ሄልጋ የመጀመሪያው ቀን ማታ እራት ላይ "ዱ በይን፣ በስማችን ጥሪን" ብላታለች። እዛ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚበልጠው ነው የሚፈቅደው፣ ከተፈቀደ ደግሞ ወደ ኋላ አይኬድም። የኛ ልጅ ግን ወረቀት ላይ ስትሆን የ68 ዓመት ሴትዮ አንቺ ማለት ከበዳትና በ"ዚ" ጻፈችው፣ "የተከበራችሁ" የሚለውም የመጣው ከዛው ነው። ለእነሱ ይሄ አክብሮት ሳይሆን መራቅ ነው፣ ምን አስቀየምናት ብለው ያስባሉ። እኔማ ሳቄ መጣ፣ ድሬዎች ሽማግሌውንም አንተ ይላሉ እየተባልን በአገሩ ሁሉ እየታማን፣ አንተ ማለት በተፈቀደበት ቦታ ላይ አንቱ ማለት አማራት። በ"ሊበ ሄልጋ፣ ሊበር ዮርግ" እንድትጀምር አደረግኩ፣ ውድ ማለት ነው፣ ለሴት "ሊበ" ለወንድ "ሊበር"። ዱ ያላሏችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ አትጀምሩት፣ በ"ዚ" እና በአባት ስማቸው ጻፉ።

3. "አስቸገርኳችሁ" የሚለውን አውጡት

ይሄ ትልቁ ነው። እኛ አስቸገርኳችሁ ስንል አመሰግናለሁ ማለታችን ነው፣ ሰሚውም "ኧረ ምን ችግር አለው" ይላል፣ ያልቃል። ጀርመን አንባቢ ግን ይቅርታ ካየ ጥፋት ይፈልጋል፣ ምን ሆነ፣ የሆነ ነገር ሰብራ ነበር እንዴ፣ ወይስ እኛ ጋ አልተመቻትም ነበር? "ውለታችሁን በምን እከፍላለሁ" ደግሞ ሒሳብ ያስመስለዋል፣ አንዳንዱ "ምንም መክፈል የለብሽም" ብሎ ከልቡ ይመልስላችኋል፣ ያኔ ሁለታችሁም ትሸማቀቃላችሁ።

ይቅርታውን ካወጣን በኋላ ባዶ የሆነውን ቦታ በምን እንሙላው ስንል "እስቲ ከሁለቱ ወር ምን ምን ትዝ ይልሻል" አልኳት። ዝም ብላ ቆይታ ሳቀች። በሁለተኛው ሳምንት ከሐረር የወሰደችውን ጥሬ ቡና ወጥ ቤታቸው ውስጥ ስትቆላ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ዮርግ በፒጃማ ወንበር ይዞ እየሮጠ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቆሞ ፎጣ ሲያራግብ ሄልጋ መስኮት ትከፍታለች፣ ጎረቤት ደወል ይደውላል፣ ከዛ ጎረቤቱም ገብቶ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ። ሌላም ነገረችኝ፣ ቆሻሻ የሚጥሉት ለይተው ነው፣ ወረቀት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ እሷ ሁሌ ስለምትሳሳት ዮርግ በአማርኛ አስጽፏት ባልዲዎቹ ላይ ለጠፈው። "የሙዝ ልጣጭ" የሚል ወረቀት እስካሁን እዛ አለ።

በቃ ምስጋናው ይሄው ነው። "ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" ለማንም ይላካል፣ የሙዝ ልጣጩ ግን ለእነሱ ብቻ ነው። ሁለት እንደዚህ አይነት ነገር ይበቃል፣ አምስት ስድስት ከሆነ ሪፖርት ይሆናል።

4. "ሁሌም እደውላለሁ" ሳይሆን መቼ እንደምትደውሉ

ሁሌ የሚባል ቀን የለም። በዛ ላይ እነሱ የተናገራችሁትን ይይዛሉ፣ በየሳምንቱ ብላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ "ታመመች እንዴ" ይመጣል። የምትችሉትን አንድ ወይ ሁለት ነገር ብቻ ከነቀኑ ቃል ግቡ። የኛ ልጅ የመረጠችው ለእንቁጣጣሽ ፎቶ መላክና ከዛ አንድ ቀን መደወል ነው።

ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ። መስከረም 1 ለእነሱ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ግን 12 ይሆናል፣ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ካላንደር እዩ። ለመደወል ደግሞ የኦክቶበርን የመጀመሪያ እሁድ መረጠች፣ ምክንያቱም ባልና ሚስቱ እሁድ በእነሱ 16 ሰዓት ላይ ኬክና ቡና ይዘው ይቀመጣሉ፣ አብራቸው ስትቀመጥ ነበር። 

እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፣ እኛ አንለውጥም። በበጋቸው በአንድ ሰዓት ነው የምንቀድማቸው፣ ከኦክቶበር መጨረሻ እሁድ እስከ ማርች መጨረሻ እሁድ ደግሞ በሁለት። ስለዚህ የእነሱ 16 ሰዓት በኦክቶበር መጀመሪያ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ በኖቬምበር ግን ከምሽቱ 12። መልእክቱ ላይ "በእናንተ ሰዓት 16" ብላችሁ ጻፉና ሒሳቡን እናንተ ያዙት። "በ11 ሰዓት እደውላለሁ" ብላችሁ በኛ ሰዓት ከጻፋችሁማ ገና ከምሳ በፊት ስልክ ይዘው ይጠብቃሉ።

5. ግብዣ ከሆነ የምር ይሁን

እኔ ራሴ ተቀጥቼበታለሁ። አብሮኝ የሰራ ጀርመን ሲሸኘኝ "ቤቴ ቤትህ ነው፣ በፈለግክ ጊዜ ና" አልኩት፣ በሁለት ወሩ ከሚስቱ ጋር እንደሚመጣ ቀኑን ጽፎ ላከልኝ፣ ቀኑ ሲታይ የታህሳስ ቁልቢ ሳምንት! አገር ምድሩ ለገብርኤል ድሬ ሲወርድ አልጋ የት ይገኛል፣ እኔ እናቴ ጋ ተኝቼ እነሱን የኔ ክፍል አስተኛኋቸው። ስለዚህ ካልቻላችሁ "ቤታችሁ ነው" አትበሉ፣ ከቻላችሁ ወቅቱን ንገሯቸው። ግንቦትና ሰኔ የድሬ ሙቀት ለእነሱ ይከብዳል፣ ከህዳር እስከ ጥር ይሻላል፣ ታህሳስ 19 ማለትም ዲሴምበር 28 አካባቢ ግን አልጋም ትኬትም ችግር ነው ብላችሁ ቁርጡን ንገሯቸው።

6. የሚያገኙበትን መንገድ ስጡ

ልጅቷ እዛ እያለች ዋትሳፑን በጀርመን ሲም አዙራው ነበር። ያ ቁጥር ካርድ ካልተሞላበት ይዘጋል፣ ከጊዜ በኋላም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሲሙ ሳይዘጋ ዋትሳፕ ውስጥ Settings ከዛ Account ከዛ Change number ገብታችሁ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥራችሁ መልሱት፣ ለኮንታክቶቻችሁ አሳውቅ የሚለውንም ምረጡ። ቁጥራችሁን ስትጽፉ በ09 አትጀምሩ፣ ዜሮዋን ጥላችሁ +251 ከፊት አድርጉ። ቴሌግራም ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ እነሱ ላይኖራቸው ይችላል፣ ጠይቁ።

አድራሻ ከጠየቁ ፖስታ ካርድ ሊልኩ ፈልገው ነው፣ በጣም ይወዱታል። እኛ ጋ ፖስታ በር ድረስ ስለማይመጣ "ከዚራ ከዳቦ ቤቱ ጎን" ማለት አይጠቅምም፣ የመስሪያ ቤት ወይ የዘመድ ፖስታ ሳጥን ቁጥር አስፈቅዳችሁ ስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አትክተቱ፣ ልመና። የስፖንሰር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት፣ ላፕቶፕ፣ ምንም። የምር ቢያስፈልጋችሁም ሌላ ጊዜ በሌላ መልእክት ጠይቁ፣ አለበለዚያ ከላይ ያለው ምስጋና ሁሉ ለዛ የተደረደረ ይመስላል። የልጅ ልጆቻቸው ያሉበትን ፎቶ ለእነሱ ላኩ፣ ፌስቡክ ላይ ግን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

በመጨረሻ የላከችው ይሄ ነው፣ ከጀርመንኛ መልሼ፦

"ውድ ሄልጋ፣ ውድ ዮርግ፣ ድሬዳዋ ቤቴ ገብቻለሁ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ነው፣ ዮርግ ሆይ እዚህ ቡና ስቆላ ምንም አይጮህም፣ ወንበርህና ፎጣህ ግን ናፈቁኝ። ትናንት የሙዝ ልጣጭ ይዤ የትኛው ባልዲ እንደሆነ ስፈልግ እናቴ ሳቀችብኝ። ሁለት ወር እንደ ልጃችሁ አኑራችሁኛል፣ አመሰግናለሁ። ሴፕቴምበር 11 አዲስ ዓመታችን ነው፣ የቤታችንን ፎቶ እልክላችኋለሁ። የኦክቶበር የመጀመሪያ እሁድ በእናንተ ሰዓት 16 ላይ እደውላለሁ፣ እኔም ቡናዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ቁጥሬ ከታች አለ።"

ግብዣውን ራሷ አወጣችው፣ "ወንድሜ ሊያገባ ነው፣ ዘንድሮ ክፍል የለንም" አለች። ፎቶውን በቀኑ ላከች። በኦክቶበሩ እሁድ ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ኢንተርኔቱም አብሮ፣ "አቦ አሁን ምን ይሉኛል" እያለች ስትንቆራጠጥ በተራ ቴክስት "መብራት ጠፍቷል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እሞክራለሁ" ብላ ላከች። 12 ተኩል ላይ ስትደውል ሁለቱም ጠረጴዛው ጋ ነበሩ፣ ኬኩ አልተቆረሰም።