የሕፃኑ መቶኛ ቀን መቼ ነው? ስንቆጥር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ወንድሜ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ልጁ የተወለደው ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሥላሴ ዕለት ነው። መቶኛ ቀኑን ፎቶ ሊያስነሳው አስቦ ሚያዝያ 17ን ያዘ። ሦስት ወር ከአሥር ቀን ማለት መቶ ቀን ነው ብሎ ነው። ደምበጫ ላለችው እናታችን ደውሎ ሲነግራት ግን አልተቀበለችውም።

«ሚያዝያ 16 ነው፤ ኪዳነ ምሕረት» አለችው።

«እማዬ፣ በስልክ እኮ ነው ያሰላሁት።»

«የተወለደባትንስ ቀን ለማን ሰጠሃት ልጄ?»

ትክክሏ እሷ ናት። የመጀመሪያውና ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ስህተትም ይኸው ነው።

የተወለደበትን ቀን ሳይቆጥሩ መጀመር

ሕፃኑ የተወለደበት ቀን አንደኛ ቀኑ ነው። በማግስቱ ሁለተኛ ቀኑ ይሆናል። ስለዚህ መቶኛ ቀኑን ለማግኘት በልደቱ ላይ የሚጨመረው 99 ነው። መቶ ከጨመርን የምናገኘው መቶ አንደኛ ቀኑን ነው። ወንድሜ ያሰላው ልጁ መቶ ቀን የሚሞላበትን ነበር፤ መቶኛ ቀኑ ግን ከዚያ በፊት ያለው ዕለት ነው።

ይህን አቆጣጠር ከቤተ ክርስቲያን እናውቀዋለን። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 እሑድ ዋለ። ዕርገት በአርባኛው ቀን ነው፤ የዋለውም ግንቦት 21 ሐሙስ ነው። ትንሣኤን ራሱን አንድ ብላችሁ ካልጀመራችሁ ዕርገት ዓርብ ላይ ይወድቅባችኋል። እናቴም በዚሁ ነው የቆጠረችው። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሳው የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ነበር። ከአርባ እስከ መቶ ስልሳ ቀን ነው፤ ስልሳ ቀን ደግሞ በእኛ ወር ሁለት ወር ነው። የካቲት 16፣ መጋቢት 16፣ ሚያዝያ 16። አለቀ። ሴት ልጅ ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ስለምትነሳ ከዚያ ላይ ሃያ ቀን መጨመር ነው። ክርስትናው በሆነ ምክንያት ዘግይቶ ወይም ወደ ሌላ ቀን ተዛውሮ ከነበረ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ከልደቱ ይቁጠሩ።

ከልደቱ ሲቆጠር እንዲህ ነው፦ ሦስት ወር ይሂዱ፣ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ይጨምሩ። በሥላሴ የተወለደ ኪዳነ ምሕረት ላይ ያርፋል። በ12 በሚካኤል የተወለደ 21 ማርያም ላይ።

ጳጉሜን መርሳት

ወራችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ መሆኑ ሒሳቡን ያቀለዋል። የሚያበላሸው ጳጉሜ ነው። ሦስት ወር ስንሄድ ከነሐሴ ወደ መስከረም ዘልለን እንሻገራለን፤ መሐል ላይ ያሉት አምስት ወይም ስድስት ቀኖች ግን ሕፃኑ የኖረባቸው ናቸው።

ሰኔ 23 ቀን 2017፣ በጊዮርጊስ የተወለደች ልጅ እንውሰድ። ሦስት ወር ስንሄድ መስከረም 23 እንደርሳለን። ዘጠኝ ስንጨምር ጥቅምት 2 ይሆናል። ይህ ስህተት ነው። በመሐል አምስት የጳጉሜ ቀኖች ስላለፉ አምስቱን ወደ ኋላ እንመልሳለን፤ መስከረም 27 ቀን 2018፣ መድኃኔ ዓለም። ሳይቀነስ የቀረ ሰው ድግሱን የሚደግሰው በመቶ አምስተኛው ቀን ነው።

ማንን ይመለከታል? ከግንቦት 21 በኋላ የተወለዱትን። ግንቦት 21 የተወለደ ልጅ መቶኛ ቀኑ ነሐሴ 30 ላይ ልክ ያበቃል። ከግንቦት 22 እስከ 26፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ እስከ 27 የተወለዱት መቶኛ ቀናቸው ራሱ ጳጉሜ ውስጥ ነው፤ ከጳጉሜ 1 ጀምሮ በተራ ይደረደራሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ያሉት ሁሉ ጳጉሜን ሙሉዋን ይሻገራሉ። ጳጉሜ ውስጥ የተወለደ ካለ ግን በጣት መቁጠሩ ይሻላል፤ የቀሩትን የጳጉሜ ቀኖች ይቁጠሩና ከመስከረም 1 ይቀጥሉ።

የሌሊት ልደት

የወንድሜ ልጅ የተወለደው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቤተሰቡ «ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ» ይላል። ካርዱ ላይ የሰፈረው ረቡዕ ጥር 7 ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የቆጠረ ሰው ጥር 6ን ይይዝና በአንድ ቀን ይቀድማል። የካርዱን ቀን ይያዙ።

የእኛን ቀን በቀጥታ ስልክ ላይ መጻፍ

ኤክሴል ላይ 7/5/2017 ብለው ቢጽፉ ማሽኑ ጥር 7ን አያውቅም። በፈረንጅ 2017 የሜይ ወይም የጁላይ ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ ልጁንም ስምንት ዓመት ገደማ ያስረጀዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለው ቢጽፉ ደግሞ ቀን ነው ብሎ አይቀበልም። መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ይቀይሩ፤ ጥር 7 ቀን 2017 ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ነው። ከዚያ ሳጥኑ A1 ከሆነ ይህን ይጻፉ፦

```
=A1+99
```

ኤፕሪል 24 ይሰጥዎታል፤ ሚያዝያ 16 ማለት ነው። ሲቀይሩ ግን የባለፈውን ዓመት ልዩነት በቃል ይዘው አይሂዱ። ጥር 7 በ2016 ጃንዋሪ 16 ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች።

የሺህኛው ቀን

አሠራሩ ያው ነው፤ የሚጨመረው 999 ነው። ይህም ሠላሳ ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን ነው። ሠላሳ ሦስት ወር ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። ከዚያ የተሻገሩትን ጳጉሜዎች ሁሉ መቀነስ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው።

በወንድሜ ልጅ እንየው። ከጥር 7 ቀን 2017 ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሲሄድ ጥቅምት 7 ቀን 2020 ይመጣል። ዘጠኝ ሲጨመር ጥቅምት 16። በመሐል የ2017፣ የ2018 እና የ2019 ጳጉሜዎች አሉ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ሦስቱንም አምስት አምስት ብሎ አሥራ አምስት ይቀንስና ጥቅምት 1 ይላል። 2019 ግን ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜዋ ስድስት ናት። ስለዚህ የሚቀነሰው 16 ነው። ሺህኛ ቀኑ መስከረም 30 ቀን 2020 ነው።

ጤና ኬላ የሚነገረውን «የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት» ከዚህ ጋር እንዳያምታቱት። ያ የሚቆጠረው ከፅንስ ጀምሮ ነው፤ የሚያበቃውም ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው።

ሳያረጋግጡ ቀን መቁረጥ

ኬክ ከማዘዝዎ በፊት በሁለት ነገር ይፈትሹት። አንደኛው የሳምንቱ ቀን ነው። መቶኛ ቀን ሁልጊዜ ከተወለደበት ዕለት ቀጥሎ ባለው ዕለት ይውላል፤ ረቡዕ የተወለደ ሐሙስ፣ ሰኞ የተወለደች ማክሰኞ። ሺህኛ ቀን ደግሞ ከተወለደበት ዕለት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ለረቡዕ ልጅ ሰኞ። ወንድሜ የያዘው ሚያዝያ 17 ዓርብ ነበር፤ ይህን ቢያይ ስልክ ሳይደውል ይገባው ነበር።

ሁለተኛው የክትባት ካርዱ ነው። የ14 ሳምንት ክትባት ልደቱ ላይ 98 ቀን ሲጨመር ነው። መቶኛ ቀኑ የዚያ ማግስት ነው። ባለሙያዋ ቀጠሮውን ወደ ክትባት መስጫ ቀን አዛውራው ከሆነ ግን ካርዱን ትተው በሳምንቱ ቀን ይፈትሹ።

ወንድሜ ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ አዛወረው። እናቴም ከደምበጫ በጠዋቱ መኪና ተሳፍራ ለኪዳነ ምሕረት ደረሰች።