ጥምር ቃልን ከተራ ሐረግ እንዴት እንለያለን?

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር የተደረደሩትን ሱቆች ታፔላ አንብቡ። ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ምግብ ቤት ይላል። ከመንገዱ ማዶ አንድ የጭቃ ቤት አለ። አጠገቡ አዲስ ቤት እየተሠራ ነው። ሁሉም ውስጥ «ቤት» አለ፣ ሁሉም በሁለት ቃል ይጻፋል። ሆኖም «ሥጋ ቤት» ጥምር ቃል ነው፤ ሁለት ቃላት ተጋጥመው አንድ ነገር ብቻ ይሰይማሉ። «አዲስ ቤት» ግን ሐረግ ነው፤ «አዲስ» የራሱን ሥራ ይሠራል፣ «ቤት»ም የራሱን።

ይህን ለመለየት በቃላቱ መሃል ያለው ክፍት ቦታ አይረዳንም። ጀርመኖች ሲያጣምሩ ክፍተቱን ያጠፉታል፤ ሆስፒታልን «ክራንከንሃውስ» ይሉታል፣ የሕመምተኞች ቤት እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ በድምፅ ይለየዋል። «ግሪንሃውስ» ሲል የድምፁን ጫና «ግሪን» ላይ ካሳረፈ አበባ የሚበቅልበትን የላስቲክ ቤት ማለቱ ነው። «ሃውስ» ላይ ካሳረፈ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን «ቤተ ክርስቲያን» ተለያይቶም ተያይዞም ይጻፋል፣ ቃሉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ዓይናችንን ትተን ጆሯችንን እንጠቀም።

አንደኛ፦ «ው» የት እንደምታርፍ ስሙ

ከሁሉም የተሻለው መለያ ይህ ነው፣ ጊዜ ልንሰጠውም ይገባል። አንድን ነገር «የምታውቀው፣ ያ ያልነው» ለማለት ስንፈልግ ቃሉ መጨረሻ ላይ «ው» ወይም «ኡ» እንጨምራለን፤ ሱቁ፣ በሬው፣ ቤቱ። ከፊቱ ገላጭ ቃል ሲመጣ ግን ምልክቷ ከስሙ ላይ ተነሥታ ገላጩ ላይ ትወጣለች። «ትልቁ ቤት ፈረሰ» እንላለን፣ «ትልቅ ቤቱ ፈረሰ» አንልም።

አሁን «ሥጋ ቤት»ን እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት። «ሥጋ ቤቱ ፈረሰ» ነው የሚባለው። «ሥጋው ቤት ፈረሰ» ብትሉ ሰሚው ግራ ይገባዋል። ምልክቷ ወደ ፊት መሄድ ያልቻለችው «ሥጋ» እዚህ ገላጭ ስላልሆነ ነው። የአንድ ቃል ግማሽ ነው፣ በመሃሉ ምንም አይገባም። ስለዚህ ምልክቷ የቃሉ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። «ን» ሲጨመርም አብራት ትሄዳለች፤ «ትልቁን ቤት ገዛሁት»፣ «ሥጋ ቤቱን ገዛሁት»።

አንድ ወጥመድ አለ። «ቤቱ» የእሱ ቤት ማለትም ይሆናል። «ከበደ ትልቅ ቤቱን ሸጠ» ቢባል ጆሮ አይቆረቁርም፣ እዚያ ያለችው «ኡ» ባለቤትነትን ነው የምትናገረው። ስለዚህ ስትፈትኑ ባለቤት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ምረጡ። «ፈረሰ»፣ «ተዘጋ»፣ «ጠፋ» ጥሩ ግሦች ናቸው።

በጣም የምወደው ምሳሌ ጉሊት ላይ ያለው ነው። አንዲት እናት ፊት ሽንኩርት በመደብ በመደብ ተደርድሯል።

«እናቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱ መደቡ ስንት ነው?» ብትሏቸው ያቺን ፍንክት ፍንክት ያላትን፣ ወጥ የምታሸተውን ያሳዩአችኋል።

«ነጩ ሽንኩርትስ?» ብትሉ ግን እጃቸው ወደ ሌላ መደብ ይሄዳል። ከቀዩ መሃል ቀለሙ ነጭ የሆነ ሽንኩርት አለ ወይ ብለው ይፈልጋሉ።

ቃላቱ ሁለቱም ጊዜ ያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው የምልክቷ ቦታ ብቻ ነው። «ነጭ ሽንኩርት» ጥምር ቃል ስለሆነ «ነጭ» የቀለም ሥራውን ትቷል። ልጣጩ ቀላ ያለ ነጭ ሽንኩርት ስንገዛ ማንም «ይህ እኮ ነጭ አይደለም» ብሎ የማይከራከረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ መሃሉ ላይ ሌላ ቃል ለማስገባት ሞክሩ

የመጀመሪያው ፈተና ካላጠገባችሁ ይህን ጨምሩ። «ነጭ ትልቅ ሽንኩርት» ካላችሁ ጥምሩ ይፈርሳል፣ የቀለም ወሬ ይሆናል። ትልቅነቱን መናገር ከፈለጋችሁ ከፊት አስቀምጡት፤ «ትልቅ ነጭ ሽንኩርት»። «በጣም»ም እንዲሁ ነው። «በጣም ነጭ ሽንኩርት» ያለ ሰው ስለ ቀለም እያወራ ነው። «አዲስ ቤት» ግን በሁለቱም በኩል ክፍት ነው፤ «በጣም አዲስ ቤት»፣ «አዲስ ሰፊ ቤት» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛ፦ ሁለቱም ስም ከሆኑ «የ»ን መልሱ

እዚህ ላይ «ው» ብቻዋን አትበቃም። «ጭቃ ቤቱ ፈረሰ» እንላለን፣ «ሥጋ ቤቱ ፈረሰ»ም እንላለን፤ ምልክቷ ሁለቱም ላይ መጨረሻ ናት። ልዩነቱ የሚታየው «የ» ስትመለስ ነው።

«ጭቃ ቤት» እና «የጭቃ ቤት» አንድ ናቸው፣ ከጭቃ የተሠራ ቤት። «ወርቅ ሰዓት» እና «የወርቅ ሰዓት»ም እንዲሁ። እዚህ «የ» በንግግር የተዋጠች ናት፣ ብትመለስ ምንም አይለወጥም። «የሥጋ ቤት» ስትሉ ግን ሰሚው «የሥጋ ቤት ምን?» ብሎ ይጠብቃችኋል። ቢላ? ሒሳብ? «የ» የያዘችው «ሥጋ»ን ሳይሆን «ሥጋ ቤት»ን በሙሉ ነው፣ ሌላ ስም እስኪመጣም ሐረጉ ተንጠልጥሎ ይቆያል። «ቡና ቤት» ላይ ሞክሩት፣ ያው ነው። ደግሞም ቡና ቤት ገብታችሁ የምታዙት ቢራ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ፊደል ተለውጦ እንደሆነ እዩ

ይህ ቀላል ነው፣ በዓይንም ይታያል። ሆድ ሆደ ይሆናል፣ ልብ ልበ፣ እጅ እጀ፣ ቤት ቤተ። ሳድሱ ወደ ግዕዝ ሲለወጥ ማጣመሪያ ነው። አካሄዱ ከግዕዝ ቋንቋ የመጣ ነው፤ አማርኛ ግን ለራሱ ቃላትም ይጠቀምበታል። «ሰፊ ሆድ» ቦርጭ ነው፣ «ሆደ ሰፊ» ግን ታጋሽ ሰው ነው። «ጠባብ እጅ» የሰውነት ክፍል ነው፣ «እጀ ጠባብ» ልብስ ነው።

ልብ በሉ፣ በዚህ መንገድ ሲጣመር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። «ቤተ መጻሕፍት» ላይ ዋናው ቃል «ቤት» ከፊት ነው። «ትምህርት ቤት» ላይ ከኋላ ነው። አማርኛ ሁለቱንም ይዟል። ከፊት የሆነው ሲበዛ የግዕዙን መንገድ ሊከተል ይችላል፤ «አብያተ ክርስቲያናት» የሚባለው ለዚህ ነው። «ትምህርት ቤቶች» ግን የሚበዛው መጨረሻው ላይ ነው።

እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ያሉ ታፔላዎች ብዙዎቹ በሁለት ቋንቋ የተጻፉ ስለሆኑ ይህን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ኦሮምኛው «መነ በሩምሳ» ሲል «መነ» ቤት ነው፣ ከፊት ነው። ከጎኑ ያለው አማርኛ «ትምህርት ቤት» ይላል። የሰፈሩ ስም «ቱሉ ዲምቱ»ም ያው ነው፤ «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ። ኦሮምኛ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ መገጣጠሚያው አይታየውም። ለእሱ ከመጀመሪያውም አንድ ስም ነው።

አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው

«የቤት ሥራ»ን እንውሰድ። ግልጽ ያለች «የ» አለችበት፤ ስለዚህ ሐረግ ይመስላል። ግንበኛው ስልክ አንሥቶ «የቤቱ ሥራ ገና አላለቀም» ይላል። ልጁ ደግሞ «የቤት ሥራው ገና አላለቀም» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ደብተር። ባለቤትነትም ይለያቸዋል፤ «የቤቴ ሥራ» እና «የቤት ሥራዬ»። መሃል ማስገባትም ይሠራል፤ «የቤት ከባድ ሥራ» ካላችሁ እጥበትና ጽዳት ነው፣ «ከባድ የቤት ሥራ» ካላችሁ ሒሳብ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ፈተና ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል «የ» ብትኖርም ልጁ የሚለው ጥምር ቃል ነው። ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወስደውም «የፍጥነት መንገዱ» ነው፣ ማንም «የፍጥነቱ መንገድ» አይለውም።

ይህ ማለት ግን ምልክቷ መጨረሻ ላይ የታየችበት ሁሉ ጥምር ነው ማለት አይደለም። «የቡና ሲኒው ተሰበረ» እንላለን፤ «የቡና» እዚያ የሲኒውን ዓይነት ነው የሚናገረው፣ ትርጉሙም ከሁለቱ ቃላት አልራቀም። «የ» ባለበት ቦታ በ«ው» ብቻ አትፍረዱ። ትርጉሙ ተለውጦ እንደሆነም ጠይቁ።

መሃል ላይ የቆሙም አሉ። «ቀይ ወጥ» ዋነኛው ነው። አንዱ «ቀዩን ወጥ ጨምሪልኝ» ይላል፣ ሌላው «ቀይ ወጡን» ይላል፣ ሁለቱም በሰላም ይበላሉ። አልጫው አጠገቡ ሲቀርብ «ቀዩ» የሚለው ይቀላል፣ ምክንያቱም ቀለሙ መምረጫ ሆኗል። እንዲህ ዓይነቱን በግድ ወደ አንድ ጎን መግፋት አያስፈልግም፤ ጥምርነት ቀስ በቀስ የሚመጣ ነገር ነው፣ ይህ ገና መንገድ ላይ ነው።

ሰው ጠይቃችሁ ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ «የትኛው ነው ትክክል?» አትበሉ። ሰው ሲጠየቅ ትምህርት ቤት የተማረውን ያስታውሳል እንጂ የሚናገረውን አይነግራችሁም። ይልቅ ነገሩን ከፊቱ አንሡና ደብቁት፣ ከዚያ «ምን ጠፋ?» በሉት። የሚመልስላችሁን ቃል መጨረሻ ስሙ።