በየሌሊቱ የእናቱን ማድ ቤት የሚያልመውን ስደተኛ በአጭር ልብ ወለድ እንዴት እንጽፈዋለን?

ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ጥያለሁ። ባለታሪኩ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ የመንዝ ሰው ነው። እናቱ መሐል ሜዳ አቅራቢያ ባለ መንደር አርፋለች፤ እርሱ ግን ቀብሯ ላይ አልደረሰም። በየሌሊቱ ማድ ቤቷን ያልማል። ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ጸሐፊውን የሚያስቸግረው ሁለተኛው ሕልም ላይ ሲደርስ ነው፤ አንባቢው ማድ ቤቱን አንድ ጊዜ ካየው በኋላ ተመልሶ የሚያይበት ምክንያት ያስፈልገዋልና።

መጀመሪያ ማድ ቤቱን መሥራት ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ እናትየው ደረቅ እንጨት ማግዳ፣ እሳቱ እየተንቦገቦገ እንጀራ ትጋግር ነበር። አክስቴ ሲነበብላት ሰምታ፣ «ይህን ሁሉ እንጨት ከየት አምጥታ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በዚያ ደጋ እንጨት ብርቅ ነው፤ ምድጃው ውስጥ ያለው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ እንደ እንጨት አይንቦገቦግም፤ ቀስ እያለ ይግማል፣ ጭሱም ጣራው ሥር ያንዣብባል። ማታ ፍሙ አመድ ውስጥ ይዳፈናል፤ የጎረቤት እሳት ጠፍቶ እንደሆነ ጠዋት አንዲት ልጅ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ትመጣለች። እንጨቱን በኩበት ስተካው ብርሃኑ፣ ሽታው፣ የእናትየው ዓይን መቅላት፣ የግድግዳው ጥቀርሻ ሁሉም አብሮ ተለወጠ። ስለዚህ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ጉልቻውን፣ ምጣዱንና አክምባሎውን ከመደርደራችሁ በፊት የሚነደው ምን እንደሆነ ወስኑ። የቀሩት ዕቃዎች በራሳቸው ቦታ ይገባሉ።

ቀጥሎ ሕልሙ በየሌሊቱ የሚመጣበትን ምክንያት ማግኘት ነው። «ናፍቆት» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ናፍቆ ኖሯል፣ ሕልሙ ግን የጀመረው አሁን ነው። እኔ ባና ሰጠሁት። ከቀብሩ በኋላ እኅቱ እናታቸው ትለብሰው የነበረውን ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና በመንገደኛ እጅ ትልክለታለች። ባናው ለዓመታት የኩበት ጭስ ጠጥቷል። ሰውየው ማታ ሥራውን ጨርሶ ይመጣና ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይተኛል። ሽታው ሕልሙን እንደሚያመጣው አንባቢው ቀስ ብሎ ይደርስበታል፤ እናንተ ግን እንዳትነግሩት። ባለታሪኩም ባያውቀው ይሻላል።

አስቸጋሪው ደረጃ የሚከተለው ነው። በሁለተኛው ጽሑፌ ሰባት ሕልሞች ነበሩ፤ ሰባቱም አንድ ነበሩ። በአንዱ ቡና ታፈላለች፣ በሌላው ቆሎ ትቆላለች፣ በሦስተኛው ትስቃለች። ጽሑፉን ያነበበ ወዳጄ ከሦስተኛው ሕልም በኋላ ወደ መጨረሻው ገጽ ዘልሎ እንደነበር አልደበቀኝም። ሕልሞቹን ብቀያይራቸው የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ ጉድለቱ የሚታወቀውም በዚህ ነው። የሁለተኛውንና የአምስተኛውን ቦታ ለዋውጣችሁ ታሪኩ ካልተፋለሰ፣ ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ነው።

መፍትሔው እናትየዋን በአንድ ቀን የማያልቅ ሥራ ላይ ማሰማራት ሆነ። እንጀራ ይህን አይሆንም፤ ሊጡ ከቦካ በኋላ የሚቀረው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ጠላ ግን በየደረጃው የሚጠብቅ ነገር አለው። በመጀመሪያው ሌሊት ጋኑን ታጥባ በሚጨስ ወይራ ላይ ትደፋዋለች። ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ የተወቀጠውን ጌሾ በውኃ ትጠነስሳለች። ከዚያ ብቅሉንና የተቆራረሰውን ቂጣ ጨምራ ትደፈድፋለች። በመጨረሻ ውኃ ሞልታበት የጋኑን አፍ ትመርጋለች። በደጋው ብርድ ጥንስሱ ቶሎ ስለማይነሣ በመካከል ያሉትን ሌሊቶች «ገና ነው» በሚል አንድ መስመር ማለፍ ይቻላል፤ መጠበቁ ራሱ ታሪኩን ይገፋዋል። ሰባት የነበሩት ሕልሞች አራት ሆኑ፤ አንዱንም ከቦታው ማንሣት አይቻልም።

እዚህ ላይ ጠላው ለማን እንደሚጠመቅ ማወቅ አለባችሁ። የእናትየው አርባ ሊወጣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ባናው የደረሰው። አገር ቤት እኅቱ ለተዝካሩ ትጠምቃለች፤ እርሱ ገንዘብ ልኳል እንጂ አይሄድም። በሕልሙ ግን የምትጠምቀው እናቱ ናት፣ ለራሷ ተዝካር። በአንድ ጽሑፌ «ለአርባዬ ነዋ፣ ልጄ» ብላ እንድትናገር አድርጌ ነበር፤ ታሪኩ እዚያው ሞተ። አሁን ሦስተኛው ሕልም ላይ እንዲህ ይባባላሉ፦

«እማዬ፣ ትንሽ ልቅመሰው?»

«ተው፣ ገና ነው። ይልቅ ድንኳኑን ማን ይተክለዋል?»

መንዝ ያደገ አንባቢ ጥያቄውን ሲሰማ ይገባዋል። ሌላው አንባቢ ደግሞ እኅትየው ስልክ ደውላ ስለ ድንኳኑ ኪራይ ስታነሣ ይደርስበታል።

ስለ ግሡም አንድ ቃል። ሕልም ስንጽፍ «ነበር» እጃችን ላይ ይጣበቃል፤ «ትጠነስስ ነበር፣ ትለው ነበር፣ ቆማ ነበር» እያለ ሁሉንም ትዝታ ያደርገዋል። ትዝታ ያለፈ ነገር ነው፤ ሕልም ግን ለሚያልመው ሰው አሁን እየሆነ ነው። ስለዚህ ሕልሙን «ትጠነስሳለች፣ ትለዋለች» ብዬ፣ የዋሽንግተኑን ሕይወት ደግሞ «ነቃ፣ ታጠበ፣ ወጣ» ብዬ ጻፍኩት። ይህን ልዩነት እስከ መጨረሻው ከጠበቃችሁ «በሕልሙ» የሚለው ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አያስፈልጋችሁም። አንባቢው የት እንዳለ ከግሡ ያውቃል።

የእናትየውን ፊት አላሳየሁም። ሰውየው በልጅ ቁመት ቆሞ መቀነቷንና እጆቿን ያያል፤ የጋኑ አፍ ከእርሱ በላይ ነው። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ፊቷን ልግለጽ ባልኩ ቁጥር የማንም እናት ስለሆነችብኝ ተውኩት።

አጨራረሱ ላይ ሰውየውን በስልክ ጥሪ አትቀስቅሱት፤ እናቱ እንድትመርቀውም አታድርጉ። ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። የጋኑ አፍ ከተመረገበት ሌሊት ማግስት፣ አብሮት የሚኖረው ወጣት ሊያግዘው ብሎ የቤቱን ልብስ ሁሉ ሰብስቦ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይወስዳል። በግ ፀጉር በሙቅ ውኃ ማሽን ውስጥ ሲሽከረከር ይኮማተራል፣ ይጠጥራል። ሰውየው ማታ ሲገባ ባናው ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ የሕፃን መጠቅለያ አክሏል፣ የሚሸተውም ሳሙና ሳሙና ነው። ወጣቱን አመሰገነው። በማግስቱ አርባው ነው። መብራቱን አጠፋ፣ ባናውን ከእግሩ ላይ ጣል አደረገና ጋኑ እንደተመረገ ተኛ።