የመሬት ውስጥ ታንከር ሲፈተሽ የሚሠሩ ስህተቶች

«ትናንት ሞላነው፣ ዛሬ ያው ነው፣ አያፈስም።» አዲስ የኮንክሪት ታንከር ሲፈተሽ ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይሄ ግን ፍተሻ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ቁጥሩ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

አፈር ከመለሱ በኋላ መፈተሽ። ግድግዳው ከተሸፈነ ውሃው በየት እንደሚወጣ አታዩም። መጀመሪያ ሙሉት፣ ግድግዳውን በውጭ በኩል ዞራችሁ እዩ፣ አፈሩ ከዚያ ይመለሳል። (ግድግዳው ያለ አፈር ድጋፍ የሙሉ ውሃ ግፊት መቻሉን ግን ዲዛይን ያደረገውን መሐንዲስ ጠይቁ።) ጉድጓዱ ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ካለም እየሳባችሁ ከታንከሩ ወለል በታች አቆዩት። አለዚያ ከውጭ እየገፋ ፍሳሹን ይደብቅባችኋል።

ቶሎ ሞልቶ ወዲያው መለካት። አሞላሉ በ24 ሰዓት ከ2 ሜትር ከፍታ አይብለጥ። ደረቅ ኮንክሪት ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መቀነሱ የግድ ፍሳሽ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሌላ በተተካው የብሪታኒያው ቢኤስ 8007 መስፈርት፣ በዲዛይኑ የተፈቀደው የስንጥቅ ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 7 ቀን፣ 0.2 ከሆነ 21 ቀን ሞልቶ ይቆያል። ልኬቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያለ ወሰንና ያለ ባልዲ መፍረድ። በዚሁ መስፈርት ውሃው በየ24 ሰዓቱ ለ7 ቀን ይለካል። ትነትና ዝናብ ታስቦ፣ በ7 ቀን የሚፈቀደው ጠቅላላ ቅናሽ የአማካይ ጥልቀቱ 1/500ኛ ወይም 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። 4 በ5 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ታንከር እንውሰድ። 3000 ለ500 ሲካፈል 6 ሚሊ ሜትር፣ ወሰኑ ይሄ ነው። በቀን ሲታሰብ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም! በአንድ ሌሊት በሜትር ልታዩት አትችሉም።

አሁን በ7 ቀን 9 ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል። ወደቀ? ቆይ። ውሃ የያዘ ባልዲ ታንከሩ ውስጥ አንሳፍፋችሁ ከነበረና የባልዲው ውሃ 4 ከቀነሰ፣ እሱ ትነት ነው። የቀረው 5 ነው፣ ወደ 100 ሊትር ማለት ነው፣ አልፏል። ባልዲው ባይኖር ደህናውን ታንከር ልታስቆፍሩት ነበር።

ሲወድቅ ዝም ብሎ ሙሉውን መለሰን። መጀመሪያ ቫልቮቹን እዩ፣ በደንብ ያልተዘጋ መውጫ ኮንክሪቱን በሐሰት ያስከስሰዋል። እሱ ደህና ከሆነ ውሃው ይውረድ፣ እናንተ በየቀኑ መዝግቡ። መውረዱን ያቆመበት ከፍታ ብዙውን ጊዜ የስንጥቁ ወይም የቧንቧ ማለፊያው ከፍታ ነው። እዚያ ጠግኑና ልኬቱን ከአንደኛው ቀን ጀምሩ። ለጥገና ባዶ ስታደርጉት የከርሰ ምድሩን ውሃ መሳብ አታቁሙ፣ ባዶ ታንከር ከታች በሚገፋው ውሃ ሊነሳ ይችላል።