በርካሽ ኦቢዲ የመኪና ኮድ ስታነቡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የጎረቤቴ የ2010 ኮሮላ ቼክ ኢንጂን በራባት። ጋራዥ ወሰዳት፣ ኮምፒውተር አደረጉለት፣ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» አሉት። ሴንሰሩን ገዝቶ አስገጠመ፣ መብራቱም ጠፋ። በአሥረኛው ቀን ተመልሶ በራ። እኔ ኦቢዲ የሚባለውን፣ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ኮድ የሚያነበውን ትንሿን የብሉቱዝ ማንበቢያ ይዤ ስሄድ «ሴንሰሩ እኮ አዲስ ነው» አለኝ፣ ንድድ ብሎ። ስልኬ ላይ የወጣው ኮድ P0171 ነበር። ብዙ ሰው ኮድ ሲያነብ የሚሳሳትበት ነገር በዚህች መኪና ላይ ስለተሰበሰበ እሷን ይዤ ልንገራችሁ።

ኮዱን የዕቃ ስም አድርጎ ማንበብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ገንዘብ የሚበላውም ይሄ ነው። ኮድ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ኮምፒውተሩ ምን እንዳየ ነው የሚናገረው። P0171 ማለት «ለሞተሩ የሚገባው አየር ከነዳጁ በዝቷል፣ እኔም ነዳጅ ጨምሬ ጨምሬ ማስተካከል የምችለው ልክ አለቀብኝ» ማለት ነው። ይህን ያየው በኦክስጅን ሴንሰሩ በኩል ነው። እና ሴንሰሩን መቀየር ማለት እሳት ተነስቷል ብሎ የጮኸውን ሰው ከቤት እንደ ማስወጣት ነው። እሳቱ እዚያው ነው።

ፊደላቱንና ቁጥሮቹን ለያይታችሁ ብታነቡ እንዲህ ይሆናል፦

```
P  0  1  71
```

P ሞተርና ካምቢዮ ማለት ነው። በሱ ቦታ C ከሆነ ፍሬንን፣ መሪንና እግርን የመሰለው ክፍል ነው፣ B ከሆነ ኤርባግ፣ በርና መስኮት የመሳሰለው፣ U ከሆነ ደግሞ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መነጋገር አቅቷቸዋል። ሁለተኛዋ 0 ኮዱ ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳለው ታሳያለች። ሦስተኛዋ አካባቢውን ትጠቁማለች። 1 እና 2 አየርና ነዳጅ፣ 3 የካንዴላ እሳት፣ 4 የጭስ ማጣሪያው ወገን፣ 5 ፍጥነትና መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተር ዙር፣ 6 ራሱ ኮምፒውተሩ፣ 7 እና 8 ካምቢዮ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልዩ ስህተቱን ይለያሉ።

ስለዚህ ማንም ሳይነግራችሁ፣ ኢንተርኔት ሳትከፍቱ፣ P0171ን አይታችሁ «የሞተር ነው፣ የአየርና የነዳጅ ነገር ነው» ማለት ትችላላችሁ። ይህ ብቻ ፍለጋውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ሌላ ምሳሌ P0302 ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው ይላል፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ሲሊንደሯን ትነግራለች። ብዙ ሰው ወዲያው ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ይገዛል። ከመግዛት በፊት የሁለተኛውን ኮይል ከአራተኛው ጋር ቀያይራችሁ ንዱ። ኮዱ ወደ P0304 ከዞረ ኮይሉ ነው ጥፋተኛው። P0302 ላይ ከቀረ ግን ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን ወይም ሲሊንደሩን ራሱን ፈልጉ።

ሳይጽፉ ማጥፋት

ማንበቢያው ላይ Clear የሚል ቁልፍ አለ፣ እጅም ወደዚያ ይሄዳል። አትንኩት፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ኮዱ በበራበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የመኪናዋን ሁኔታ እንደ ፎቶ ያስቀምጣል፣ መተግበሪያው ውስጥ Freeze Frame ይባላል። የሞተሩ ዙር፣ ሙቀት፣ ፍጥነትና ሌሎችም አሉበት። ኮዱን ስታጠፉ ይሄም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ የተማረው የነዳጅ ማስተካከያም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያ ደግሞ ለP0171 ዋናው ማስረጃ ነው።

የጎረቤቴ መኪና ጋራዥ ውስጥ የሆነችው ይህንኑ ነው። ኮዱ ጠፋ፣ የተማረችው ማስተካከያ ዜሮ ሆነ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና አሥር ቀን ታግሶ መልሶ አበራው። መብራቱ መጥፋቱን ሰው ሁሉ ጥገናው እንደሠራ ቆጠረው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ኮዱን ስታጠፉ መኪናዋ በራሷ ላይ የምታካሂዳቸው ፍተሻዎች ሁሉ «አልተጠናቀቀም» ወደሚል ይመለሳሉ። የጭስ ምርመራ ባለበት ቦታ ይዛችሁ ስትቀርቡ ይመልሷችኋል። ከ2010 ገደማ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች Permanent የሚባል ኮድም ይይዛሉ። እሱን ማንበቢያ አያጠፋውም፣ መኪናዋ ራሷ ችግሩ መጥፋቱን ስታረጋግጥ ነው የምታነሳው።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው፣ ኮዱንም Freeze Frameንም በስልኬ ስክሪንሹት እይዛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላ ነገር የምነካው።

ከኮዱ ቀጥሎ ያሉትን ቁጥሮች አለማየት

የዚያች ኮሮላ Freeze Frame 720 ዙር፣ ፍጥነት 0፣ የውሃ ሙቀት 88 ዲግሪ ይል ነበር። ሞቃለች፣ ቆማለች፣ ትሠራለች። ችግሩ የበራው ስትሮጥ አይደለም ማለት ነው። ይህን ይዤ ሞተሩን አስነሳሁና የቀጥታ ንባቡን ከፈትኩ። ማየት ያለባችሁ ሁለት መስመር ነው፣ STFT እና LTFT። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ አሁን የሚያደርገው የነዳጅ ማስተካከያ ነው፣ ሁለተኛው ከጊዜ ጋር የተማረው። ሁለቱን ደምሩ። በአጠቃላይ ከ10 በመቶ በታች፣ በመደመርም በመቀነስም፣ ከሆነ ጤነኛ ነው።

ቆማ ስትሠራ LTFT +19.5 ነበር፣ STFT +6.3። በድምሩ ወደ 26 በመቶ ነዳጅ እየጨመረች ነው። ከዚያ ጎረቤቴ ነዳጅ ተጭኖ ዙሩን 2500 ላይ እንዲይዝልኝ አደረግኩ። LTFT ወደ +3.9 ወረደ፣ STFT ደግሞ +0.8 ሆነ። እዚህ ጋር ነገሩ ተፈታ።

ለምን? የተቀደደ ቱቦ የሚያስገባው አየር ትንሽ ነው። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ሞተሩ የሚወስደው አየርም ትንሽ ስለሆነ የተቀደደው ድርሻው ይገዝፋል። ዙር ሲጨምር ሞተሩ ብዙ አየር ይወስዳል፣ ያች ሽንቁር ትደበዝዛለች። በተቃራኒው ቆማ ስትሠራ ደህና ሆና ዙርና ጫና ሲጨምር ቁጥሩ ከወጣ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ይጠረጠራል።

ከሞተሩ ክዳን ተነስቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ተከትዬ ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ላይ ሆኖ በማይታይበት ቦታ ተሰንጥቋል። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን በጨርቅ ይዤ በፕላየር ጫን ስለው STFT ወዲያው መውረድ ጀመረ። ማረጋገጫው ይሄ ነው። ሽንቁር ለመፈለግ ቤንዚን ወይም ማጽጃ ስፕሬይ በትኩስ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ፣ ሊቃጠል ይችላል፣ እባካችሁ ተዉት። የሳሙና ውሃና የጣት ዳሰሳ ይበቃል፣ እጃችሁን ግን ከሚሽከረከረው ቺንግያ አርቁ።

አዲስ አበባ ላይ «ከፍታው ነው አየሩን ያሳሳው» የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ መሆኗ እውነት ነው፣ ግን አየሩ ሲሳሳ የሚፈለገው ነዳጅም ያንሳል፣ ኮምፒውተሩም ያንን ቆጥሮ ነው የሚሠራው። P0171ን በከፍታ አታሳብቡ።

ቱቦው ተቀየረ፣ ከዚያ በኋላ ነው ኮዱን ያጠፋሁት። ሁለት ሳምንት ቆይተን ስናየው LTFT +2.3 ነበር። ሴንሰሩ ግን ያለ ጥፋቱ ተነቅሎ ተጥሏል።

ፊደልና ቁጥር ማደባለቅ

ይህን አጭር ላድርገው። ሁለተኛዋ ቦታ ላይ ያለችው ዜሮ ነች፣ ፊደል O አይደለችም። መካኒክ በቃል ሲነግራችሁ «ፒ ኦ» ብሎ ይሆናል፣ ስትጽፉ ግን ዜሮ አድርጉ። ሌላ ደግሞ፣ ከኋላ ያሉት ቦታዎች ላይ ከA እስከ F ያለ ፊደል ሊመጣ ይችላል። የፕሪየስ ባለቤቶች የሚፈሩት P0A80 ስህተት አይደለም፣ የሃይብሪድ ባትሪው ይቀየር የሚል ትክክለኛ ኮድ ነው።

ሁለተኛዋ ቁጥር 1 ከሆነች ኮዱ የዚያ አምራች ብቻ ነው። P1135 በቶዮታ ላይ የአየርና ነዳጅ ሴንሰሩን ማሞቂያ ይመለከታል፣ ሌላ አምራች ግን በራሱ ኮድ ሌላ ነገር ሊል ይችላል። መተግበሪያው የሰጣችሁን ትርጉም ከማመናችሁ በፊት የመኪናችሁን ስም ጨምራችሁ ፈልጉ።

«Bank 1, Sensor 2» ስትሉ ደግሞ Bank 1 አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው፣ Sensor 1 ከጭስ ማጣሪያው በፊት ያለው፣ Sensor 2 ከሱ በኋላ ያለው ነው። ኮሮላ አራት ሲሊንደሮቿ በአንድ ረድፍ ስለሆኑ Bank 2 የላትም። ሁለቱን ሴንሰሮች አደባልቆ የተሳሳተውን የሚገዛ ብዙ ነው።

Pending የሚለውን እንደ ፍርድ መውሰድ

Pending ማለት ኮምፒውተሩ አንዴ አይቶ ጠርጥሯል ማለት ነው። ለብዙ ኮዶች በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ካየው ነው ወደ Stored የሚያሸጋግረውና መብራቱን የሚያበራው። ችግሩ ካልተደገመ በራሱ ይሄዳል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሳት እየሳተ የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ጋዙን ቀንሱ፣ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ።

«ኮድ የለም» ሲል ማመን

ርካሹ ማንበቢያ በአብዛኛው የሚያየው የሞተሩን ኮምፒውተር ነው። የኤቢኤስ ወይም የኤርባግ መብራት በርቶ ስልካችሁ ምንም ኮድ የለም ካለ፣ የለም ማለት ሳይሆን እዚያ ድረስ አልደረሰም ማለት ነው። ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት መኖሩም ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ነው ያስገደደችው፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ግን ሶኬቱ ኖሯቸው ለርካሽ ማንበቢያ የማይመልሱ አሉ። ማንበቢያው ሳይገናኝ ሲቀር ቁልፉ መከፈቱን፣ ስልኩም ከማንበቢያው ጋር መጣመሩን አረጋግጡ፣ የሚጠይቀው ቁጥር ብዙ ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። ከዚያ በሌላ መኪና ላይ ሞክሩት። በዚያኛው ከሠራ ችግሩ ማንበቢያው ላይ አይደለም።

ስትጨርሱ ንቀሉት። ሌሊቱን ሶኬቱ ላይ ከተተወ ባትሪ ይጠጣል፣ የደከመ ባትሪ ያላት መኪና ጠዋት አትነሳም።