የዳታ አናሊስት ሲቪ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዳታ አናሊስት ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሚመጡት ሲቪዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት የክህሎት ሣጥን አላቸው። ኤስኪውኤል፣ ኤክሴል፣ ፓወር ቢአይ፣ ታብሎ፣ ፓይተን። አንዳንዱ ከጎኑ ኮከብ ይደረድራል። አንዳንዱ ደግሞ «ኤስኪውኤል 90%» ብሎ ይጽፋል። ከምን ላይ 90%? አይታወቅም።

የመጀመሪያው ስህተት ይህን ሣጥን እያዩ ምልክት ማድረግ ነው። ቢላዋና መጥበሻ ያለው ሁሉ ወጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ሣጥኑን ይለፉትና ወደ ሥራ ልምዱ ይውረዱ። እዚያ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሰውየው የነካው መረጃ ምን ነበር፣ ምን ችግር ገጠመው፣ ከእሱ ሥራ በኋላስ ምን ተለወጠ።

የኤስኪውኤልን ስም እንጂ ኤስኪውኤልን አለመፈለግ

ሁለት አመልካቾች አሉ እንበል። አንዱ «ኤስኪውኤል በመጠቀም መረጃ አውጥቻለሁ፣ ልዩ ልዩ ሪፖርቶችን አዘጋጅቻለሁ» ይላል። ሌላዋ እንዲህ ትላለች፦ «የሽያጭ ሪፖርታችን ከሂሳብ ክፍል ድምር በልጦ ይታይ ነበር። በክፍያ ብዛት የሚደጋገሙ ትዕዛዞች መሆናቸውን ደርሼበት አስተካክያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ክፍሎች ድምር ይገጥማል።»

ሁለተኛዋ ኤስኪውኤል የሚለውን ቃል አልጠራችም። ቃል እየፈለገ የሚያጣራ ሰው ይጥላታል። ሥራውን የሚያውቅ ግን የተናገረችው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ደንበኛ የ12,000 ብር ዕቃ አዝዞ በሦስት ጊዜ ከፈለ። በትዕዛዝ ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር አለ፤ በክፍያ ሠንጠረዡ ላይ ሦስት። ሁለቱን አገናኝተው ሲደምሩ፦

```
SELECT SUM(o.amount)
FROM orders o
JOIN payments p ON p.order_id = o.order_id;
```

የዚህ ደንበኛ ትዕዛዝ 36,000 ብር ሆኖ ይመጣል። ዳታቤዙ ምንም የስህተት መልእክት አይሰጥም። ቁጥሩ ደስ የሚል ስለሆነ አለቃም አይጠይቅም። የሚይዘው ድምሩን ከሌላ ምንጭ ጋር የማስተያየት ልማድ ያለው ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ መስመር ያገኙበትን ሲቪ ወደ ጎን ያስቀምጡና ለቃለ መጠይቁ አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ «እንዴት አስተካከልሽው?» መልሷ «SUM(DISTINCT o.amount) አደረግኩ» ከሆነ ይጠንቀቁ። ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ቢኖሩ አንዱ ከድምሩ ይጠፋል። ማለትም በልጦ የነበረው አሁን ያንሳል። «ክፍያዎቹን መጀመሪያ በትዕዛዝ ቁጥር ደምሬ፣ አንድ ትዕዛዝ አንድ መስመር ሲሆን አገናኘሁ» ካለች፣ ወይም «ለዚያ ሪፖርት ክፍያው ስለማያስፈልግ ማገናኘቱን ተውኩት» ካለች፣ ሥራውን በእጇ ሠርታዋለች።

ፐርሰንት ሲያዩ ማመን

«ውጤት አሳዩ» የሚለው ምክር በየቦታው ስለተሰማ አሁን ሁሉም ሲቪ ላይ ፐርሰንት አለ። «በሠራሁት ትንተና ሽያጭ በ35% አድጓል።» አናሊስት ግን ዕቃ አይሸጥም። በዚያው ዓመት ዋጋ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ቅርንጫፍ ተከፍቶም ሊሆን ይችላል። እኔ ከእንዲህ ያለው መስመር ይልቅ «በየወሩ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ሪፖርት አሁን በግማሽ ቀን ያልቃል» የሚለውን እመርጣለሁ። ትንሽ ነው፣ ግን የራሱ ነው። ሊጠየቅበትም ይችላል፦ ሦስቱ ቀን በምን ያልቅ ነበር? የሠራው ሰው «ቅርንጫፎቹ የሚልኩት ፋይል የዓምድ ስሙ ይለያያል፤ እሱን በእጅ ማስተካከል ነበረብን» ብሎ ይዘረዝራል። ያልሠራው «አውቶሜት አደረግኩት» ብሎ ያበቃል።

ኤክሴልን «ማንም የሚችለው» ብሎ ማለፍ

ኤክሴልን ሁሉም ይጽፈዋል። ስለዚህ ማንም አያነበውም። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ በብዙ መሥሪያ ቤት እውነተኛው ሥራ ያለው እዚያ ነውና።

የእኛን አገር ጉዳይ እንውሰድ። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የኤክሴል ፒቮት ቴብል ግን ቀንን በወር ሲመድብ በፈረንጅ ወር ነው የሚመድበው። ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። የሐምሌን ሪፖርት በጁላይ የሠራ ሰው ከሰኔ ሰባት ቀን ጨምሮ ከሐምሌ መጨረሻ ይቆርጣል። ጳጉሜን የት ትገባለች? ይህም ሌላ ጣጣ ነው። «ለእያንዳንዱ ቀን የኢትዮጵያን ወርና የበጀት ዓመት የሚያሳይ ማዛመጃ ሠንጠረዥ ሠርቼ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ወር እንዲዘግብ አድርጌያለሁ» የሚል መስመር ካገኙ፣ «አድቫንስድ ኤክሴል» ከሚል ሰርተፊኬት ይበልጣል።

ሌላው መታየት ያለበት ነገር ማጣራት ነው። በ2020 መኸር (በፈረንጅ) እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ቀርተው ነበር። መረጃው የሚገባበት የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም፤ ትርፉ ሳይመዘገብ ቀረ። ያመለጣቸው ቀመር አልነበረም፤ የገባውና የወጣው መስመር እኩል መሆኑን ማየት ነው። ሲቪው ላይ «አስታረቅኩ»፣ «ከምንጩ ጋር አመሳከርኩ» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ቀስ ብለው ያንብቡ።

ዳሽቦርድ መቁጠር

«ከ20 በላይ ዳሽቦርዶች ሠርቻለሁ።» እሺ፣ ማን ከፈታቸው? አምሮ የተሠራ፣ ግን ከርክክቡ ቀን በኋላ ማንም ያላየው ዳሽቦርድ ሞልቷል። ከሲቪው ጋር የሚያያዘው ባለቀለም ሥዕልም የሚያሳየው ቀለም መምረጡን ነው።

ጥሩው መስመር ሰው አለበት፤ ያ ሰው የሚያደርገውም አለበት። «የመጋዘን ኃላፊው ሰኞ ሰኞ እያየ ሊያልቅ የደረሰውን ዕቃ ያዝዝበታል» ሲባል ተጠቃሚው፣ ቀኑና ውሳኔው ታወቀ። «ማንም የማያያቸውን ገጾች አስወግጄ አንድ ገጽ አደረግኩት» የሚል ካጋጠመዎትማ ይደውሉለት። ተጠቃሚዎቹን ጠይቋል ማለት ነው።

የሥራ መጠሪያውን ብቻ ማየት

የጤና ቢሮ ባለሙያ ከየጤና ጣቢያው በዲኤችአይኤስ2 የሚመጣውን ሪፖርት ስታጣራ ኖራለች። መጠሪያዋ «ዳታ አናሊስት» አይደለም። የክትትልና ግምገማ ባለሙያውም በኮቦ ሶፍትዌር የተሰበሰበ መጠይቅ ሲያጸዳ፣ አንዱ ሰው «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ ሁለቴ ሲመዘገብ ሲለይ ከርሟል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን በውጤት መጻፍ ስላልለመዱ ብዙ ጊዜ ከክምሩ ሥር ይቀራሉ። «መረጃ አጣርቻለሁ» ብቻ ብለው ከጻፉ ወዲያው አይጣሉ። ደውለው «መጨረሻ ያገኘኸው ስህተት ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ባንክ ወይም ቴሌኮም የሠራ አመልካች ደግሞ የብር መጠን ባይጽፍ አይፍረዱበት፤ የድርጅቱን ምስጢር መጠበቅ አለበት። ስንት የሥራ ሰዓት እንዳዳነ፣ ስንት ቅርንጫፍ እንደሚጠቀምበት፣ የትኛው ስህተት እንደቆመ መናገር ግን ምስጢር አያወጣም። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ትክክለኛ የገቢ ቁጥር ሲቪው ላይ ዘርግፎ የመጣውን ነው እኔ ሁለቴ የማስብበት።